ክላስተር ማደሪያ ቅንጦት ነው? ብዙ ሰው ለተቀባበለው ጽሑፍ ምላሽ

«ክላስተር የሚሉት የተማሪ ማደሪያ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው። ረጅሙ ኮሪደር ርካሽ ነው። ሻወሩና ሽንት ቤቱ አንድ ጥግ ስለሚሰበሰብ ቧንቧውም ጽዳቱም ይቀላል። ፕሮክተሩ አንድ ቦታ ቆሞ የፎቁን በር ሁሉ ያያል። ክፍሎቹን በቡድን በቡድን ከከፈልናቸው ግን እያንዳንዱ ጓዳ የአንድ ብሔር ሰፈር ይሆናል። ደኅንነት ከፈለግን መልሱ አንድ መግቢያ፣ አንድ ጥበቃ፣ ማታ አንድ ቁልፍ ነው።»

ጽሑፉ ከዚህ ይረዝማል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይኸው ነው፤ ቃሉም የጸሐፊው ነው። ጸሐፊው ግቢን ከውስጥ የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ስለ ጽዳትና ስለ ብሔር ያነሱት ስጋት ከሜዳ ተነሥቶ የተጻፈ አይደለም፤ ተገቢውን ቦታ እሰጠዋለሁ። የመጨረሻው ምክራቸው ግን ሥራ ላይ ከዋለ ሰው ሊገድል ይችላል። እዚያ ስንደርስ ለዘብ ለማለት አልሞክርም።

ንግግራችን አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሕንፃ እናስቀምጥ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን በብዛት የምናየው ዓይነት ባለ አራት ወለል ብሎክ ይሁን። በእያንዳንዱ ወለል 24 ክፍሎች አሉ፤ 12 በግራ፣ 12 በቀኝ። በየክፍሉ ተደራራቢ አልጋ ገብቶ 6 ተማሪ ያድራል። በወለሉ 144፣ በብሎኩ 576 ሰው ማለት ነው። አንዱ ክፍል 3.6 ሜትር ስፋት ቢኖረው ኮሪደሩ 43 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በአንደኛው ጫፍ 8 ሽንት ቤት፣ 8 ሻወርና አንድ ረድፍ የእጅ መታጠቢያ አለ።

አሁን ያንኑ ወለል ለአራት እንክፈለው። ስድስት ስድስት ክፍሎች በአንዲት አነስተኛ አዳራሽ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ በእያንዳንዱ ክላስተር 36 ተማሪ ይኖራል። ሁለት መወጣጫ ደረጃዎች ይኖራሉ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ግራና ቀኝ አንዳንድ ክላስተር ይሆናል። የሁለቱ ጎረቤት ክላስተሮች መታጠቢያ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው አንድ የቧንቧ መውረጃ ይጋራሉ። የምንነጋገረው ስለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ የግል ሻወር ስለሚያገኝበት አፓርታማ አይደለም። ጸሐፊው «ቅንጦት» ሲሉ በዓይነ ሕሊናቸው የመጣው ያ አፓርታማ ይመስለኛል።

ወጪውን ቶሎ ልጨርሰው። ኮሪደሩ 2 ሜትር ቢሰፋ 86 ካሬ ሜትር መተላለፊያ ይሆናል፤ ተማሪ የማይቀመጥበት፣ የማያጠናበት፣ ቀን እንኳ መብራት የሚፈልግ ቦታ ነው። አራቱ የክላስተር አዳራሾች 18 ካሬ ሜትር ቢሆኑ 72 ይሆናሉ፤ ከደረጃ ደረጃ የሚያገናኘው መተላለፊያ 24 ቢወስድ በድምሩ 96 ካሬ ሜትር። ልዩነቱ 10 ካሬ ሜትር ነው፤ በምትኩ ጠረጴዛ የሚገባበትና ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ተገኝቷል። የቧንቧ መውረጃው ከአንድ ወደ ሁለት ማደጉ እውነት ነው፤ ዋጋ ይጨምራል። ሁለተኛው ደረጃ ግን በጭማሪ ሊቆጠር አይገባም፤ በአንድ ወለል 144 ሰው የሚያሳድር ሕንፃ ኮሪደርም ሆነ ክላስተር ሁለት ደረጃ ሊኖረው ግድ ነው። ስለዚህ በጥቂቱ ይወደዳል ቢባል እስማማለሁ፤ የሀብታም አገር ብቻ ነው መባሉን አልቀበልም።

መታጠቢያው ላይ ረዘም ላድርግ፤ የማደሪያ ኑሮ የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚያ ነውና።

በቅድሚያ ጸሐፊው ሳያነሱት የቀረ፣ ከተነሳ ግን ለእሳቸው ወገን ትልቁ መከራከሪያ የሚሆን ነገር አለ። 8 ሽንት ቤት በአንድ ቦታ ሲኖር አንዱ ቢደፈን 7 ይቀራል። በየክላስተሩ ሁለት ሁለት ብናደርግ ግን አንዱ ሲደፈን ለ36 ሰው አንድ ብቻ ይቀራል። ሌላው ቁጥርም አይዋሽም። ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 1፡30 ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ይግባ፤ አንዱ 5 ደቂቃ ይፍጅ። አንድ ሽንት ቤት በሰዓት 12 ሰው ያስተናግዳል። ሁለቱ 24 ያስተናግዳሉ፤ 12 ሰው ክፍል ይረፍድበታል። የኮሪደሩ ስምንትም ያው ነው፤ 96 አስተናግዶ 48 ሰው ይቀርበታል። ሦስት ስናደርጋቸው ግን በልክ 36 ይሞላል፤ አንዱ ቢበላሽ እንኳ 24 ሰው ይገባል። ስለዚህ ክላስተር የሚሠራ ሰው ከሦስት ሽንት ቤት በታች አያስብ። ሁለት ሁለት አድርጎ «ክላስተር ሠራሁ» የሚል ተቋም ከኮሪደሩ የባሰ ነገር ሠርቷል፤ ያን ጊዜ ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያስቀመጠው መነሻ ለ25 ሴቶች አንድ ሽንት ቤት ነው፤ ለወንዶች የመሽኛ ገንዳ ታክሎበት ለ50 አንድ። የጠዋቱን ሰልፍ የሚያሳጥረው ግን እንዲህ ያለው የሰዓት ስሌት ነው።

ሁለተኛ፣ የጠዋቱ ግፊያ አብዛኛው ሽንት ቤት ፈልጎ የመጣ አይደለም፤ ቧንቧ ፈልጎ ነው። አንዱ ፊቱን ይታጠባል፣ አንዱ ጥርሱን ይቦርሻል፣ አንዱ ውዱእ ያደርጋል፣ አንዱ ጀሪካን ይሞላል። በኮሪደሩ አሠራር እነዚህ ሁሉ ከሽንት ቤቱ ጋር በአንድ በር ይጋፋሉ፤ ወለሉ ቀኑን ሙሉ እንደራሰ ይውላል። በደህና የታሰበ ክላስተር ቧንቧውን ከሽንት ቤቱ ነጥሎ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ከአዳራሹ እንደወጡ አራት ቧንቧ ያለው ረጅም ገንዳ ይገኛል፤ በቧንቧ መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ቢተው 2.4 ሜትር ይበቃዋል። ከጎኑ ለእግር መታጠቢያ ዝቅ ያለ አንድ ቧንቧ ይጨመራል፤ ይህ ከሌለ ሰው እግሩን የእጅ መታጠቢያው ላይ ይሰቅላል፣ ሸክላውም ይነቀላል። ሽንት ቤቱና ሻወሩ ከገንዳው ወዲያ በሌላ በር፣ በውጭው ግድግዳ በኩል፣ በሚከፈት መስኮት ይሆናሉ። በመኝታ ክፍሉና በሽንት ቤቱ መካከል ሁለት በርና አንድ አየር የሚያገኝ ቦታ ገባ ማለት ነው። «ሽንት ቤቱ ቀርቦ ይሸተናል» ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው፤ ስጋቱ ትክክል ስለሆነ ነው መልስ የሚያስፈልገው።

ሽታን ካነሳን፣ ውሃ ለሳምንት ሲጠፋ የሚሸተው ያልታጠበው መቀመጫ ብቻ አይደለም። ወለሉ ላይ ባለው የፍሳሽ መውጫ ጎድጓዳ ውስጥ ሁልጊዜ የምትቀር ትንሽ ውሃ አለች፤ የቱቦውን ሽታ የምታግደው እሷ ናት። ስትደርቅ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። በእረፍት ጊዜ ባዶ የከረመ ብሎክ ሲከፈት አፍንጫ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። ይህ ለኮሪደርም ለክላስተርም እኩል ነው፤ ክላስተር ብዙ መውጫ ስላለው ግን ብዙ ጆግ ይፈልጋል።

ሦስተኛው የውሃ ጉዳይ ነው፤ ጸሐፊው «ይቀላል» ያሉትን የምቃወመው በተለይ እዚህ ላይ ነው። ለአዳሪ ተማሪ በቀን 20 ሊትር፣ ሽንት ቤቱ በውሃ የሚለቀቅ ከሆነ ደግሞ ከ10 እስከ 20 ሊትር ተጨማሪ ያስፈልጋል፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት መነሻ ነው። ለ576 ተማሪ በቀን ከ17 እስከ 23 ሜትር ኩብ ይሆናል። በጣሪያ ላይ ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ ቢኖር ግማሽ ቀን ትንሽ አለፍ ያደርጋል። እንግዲህ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ይመጣል፤ ውሃ በሌለበት ሰዓት አንዱ ቧንቧ ይከፍታል፣ ጠብ አይልም፣ ሳይዘጋው ይሄዳል። ሌሊት ውሃው ይመጣል። አንድ የተለመደ ቧንቧ በደቂቃ 10 ሊትር ያህል ያወርዳል፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት በስምንት ሰዓት ውስጥ 4,800 ሊትር ይፈስሳል። የሮቶው ግማሽ ማለት ነው፤ በአንድ ቧንቧ።

በ43 ሜትር ኮሪደር ጫፍ የሚፈሰውን ውሃ ማን ይሰማል? አጠገቡ ያሉት የሁለቱ ክፍሎች ልጆች ይሰማሉ፤ እነሱም የዓመቱን ቧንቧ ሁሉ ሊዘጉ አልተቀጠሩም። በክላስተር ግን ገንዳው ከሁሉም በር ጥቂት ሜትር ላይ ነው፤ ድምፁ እንቅልፍ ይነሣል፣ አንዱ ተነሥቶ ይዘጋዋል። ካልዘጋውም የክላስተሩ የብቻው ቫልቭ ደረጃው ጋ በውጭ በኩል ከተቀመጠ ፕሮክተሩ ማንንም ሳይቀሰቅስ ያቆመዋል። አንድ ሻወር ሲበላሽም 36 ሰው ውሃ ያጣል እንጂ የብሎኩ ጫፍ በሙሉ አይዘጋም። አንድ መውረጃ ላይ የተሰቀለ ትልቅ መታጠቢያ ለቧንቧ ሠራተኛው ቀላል የሚሆነው የሚገጥም ዕለት ነው፤ የሚጠግን ዕለት ቀላል መሆኑን ጠይቀው ያረጋግጡ።

ጽዳት ላይ ግን ለጸሐፊው ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ። አንድ ትልቅ መታጠቢያ የምታጸዳ ሠራተኛ ባልዲዋን አንድ ጊዜ ታነሳለች፤ አራት ትንንሽ ሲሆኑ አራት ጊዜ ትዞራለች። የሥራ ሰዓቷ መጨመር አለበት፤ ያላሰበበት ተቋም በሁለተኛው ወር ይጸጸታል። በሌላ በኩል 144 ሰው የሚጠቀምበት ቦታ ሲቆሽሽ ባለቤት የለውም። 36 ሰው ሲሆን ማን ፀጉሩን ሻወሩ ውስጥ እንደሚተው ይታወቃል፤ ነቀፌታውም ከፕሮክተር ሳይሆን ከጓደኛ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ክላስተር ውስጥ መግባት የለበትም፤ የልብስ ማጠቢያው። ተማሪዎቻችን ልብስ የሚያጥቡት በሳፋ፣ ቁጭ ብለው፣ ቅዳሜና እሁድ ነው። ሻወር ውስጥ ሲያጥቡ የልብሱ ብናኝና የሳሙናው ዝቃጭ የወለሉን መውጫ ይደፍነዋል፤ ውሃው ወደ አዳራሹ ይመለሳል፤ ውሃ የማያሳልፈው የወለል ልባስ በደንብ ካልተሠራም ታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ይወጣል። ማጠቢያው መሬት ላይ፣ ከብሎኩ ጎን፣ ፀሐይ ባለበት፣ ሰፊ የሲሚንቶ ገንዳና የፍሳሽ ቦይ ይዞ ይሠራ። የልብስ ገመዱ ደግሞ ከፕሮክተሩ መስኮት በሚታይበት ቦታ ይዘርጋ። ከገመድ ላይ የጠፋ ጃኬት ያለው ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል።

ወደ ቁጥጥሩ ልለፍ። ፕሮክተሩ ከኮሪደሩ ጫፍ 24 በሮች ማየቱ እውነት ነው። ማየት ግን ማወቅ አይደለም። 576 ሰው የሚያድርበት ብሎክ ፕሮክተር የሁሉንም ፊት ሊያውቅ አይችልም፤ ቦርሳ አንግቶ በልበ ሙሉነት የሚራመድ እንግዳ ሁሉ ለእሱ ተማሪ ነው። የጎደለውን የሚያውቁት አብረው የሚኖሩት ናቸው፤ እነሱም የሚያውቁት ቁጥራቸው ትንሽ ሲሆን ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንድሩ ባውም እና ስቱዋርት ቫሊንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ በኮሪደር ማደሪያና በትንንሽ ቡድን በተከፈለ ማደሪያ የሚኖሩ ተማሪዎችን አነጻጽረው ነበር። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ስፋት ተቀራራቢ ነው። በኮሪደሩ 34 ያህል ተማሪዎች መታጠቢያ ይጋራሉ፤ በሌላው ከስድስት አይበልጡም። የኮሪደሮቹ ተማሪዎች የበለጠ መጨናነቅ ይሰማቸው ነበር፤ የማይፈልጉት ሰው በየደቂቃው ያጋጥማቸዋል፣ ጎረቤቶቻቸውንም ይሸሹ ነበር። በኋላም ባውም ከግሌን ዴቪስ ጋር አንድ 40 ያህል ሰው የሚኖርበትን ረጅም ኮሪደር መሃሉ ላይ ሦስት መኝታ ክፍሎችን ወደ ሳሎን ቀይሮ ለሁለት ሲከፍለው ሁኔታው ተሻሻለ። እነዚያ ተማሪዎች በክፍል ሁለት ሁለት ሆነው የሚኖሩ ነበሩና ስድስት ለምናሳድር ለእኛ ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። አቅጣጫውን ግን ያሳያል፤ ያረጀውን ብሎክ ሳያፈርሱ ማሻሻል እንደሚቻልም እንዲሁ። እኛ በመረጥነው ወለል መሃል ላይ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ክፍሎች ብንወስድ 12 አልጋ፣ በብሎኩ 48 አልጋ እናጣለን። አልጋ በጠበበበት ግቢ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ለዚህ ነው በነባሩ ሕንፃ መታጠቢያውን ለሁለት ጫፍ ማካፈልን ከክፍል መቀነስ የማስቀድመው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ የሚሉት አንድ ነገር ግን ልክ ነው። ክላስተር ጓዳ ይፈጥራል። በደንብ ካልተነደፈ ነባሮች አዲስ ገቢውን የሚያስፈራሩበት፣ ፕሮክተሩ የማያይበት ጥግ ይሆናል። ስለዚህ የክላስተሩ በር በደረጃው ማረፊያ ፊት ለፊት ይሁን፤ ከወገብ በላይ መስታወት ይኑረው፤ አዳራሹም ከደረጃ የሚወጣ ሰው በአንድ እይታ ሊያየው የሚችል እንጂ የታጠፈ አይሁን። ማታ የሚዞረው ፕሮክተር በወለሉ አራት አዳራሾችን ያያል። 24 የተዘጉ በሮችን ከማየት የበለጠ ይነግሩታል፤ ሰው ያለው እዚያ ነውና።

ክላስተር በራሱ ተአምር እንደማይሠራም አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ከተቃራኒው ወገን። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ቢሊየነሩ ቻርሊ መንገር ያሰቡት ማደሪያ ስምንት ስምንት መኝታ ክፍሎችን በጋራ ሳሎን ዙሪያ የሰበሰበ ነበር፤ እስከ 4,500 ተማሪ እንዲይዝ ታቅዶ አብዛኛው መኝታ ክፍል መስኮት አልነበረውም፤ ዋና መግቢያውም ሁለት ብቻ ነበር። አማካሪ አርክቴክቱ ዴኒስ ማክፋደን እ.ኤ.አ. በ2021 ተቃውመው ለቀቁ፤ በ2023 ዕቅዱ ተተወ። ቡድኑን ትንሽ አድርጎ ሕንፃውን ተራራ ማድረግ ሥራውን መልሶ ያፈርሰዋል።

የብሔር ሰፈር ይሆናል የሚለውን አላጣጥለውም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በበርካታ ግቢዎች የሆነውን ያየ ሰው ይህን ስጋት በቀልድ አያልፈውም። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ተማሪዎቻችን ይኖሩ የነበሩት በአብዛኛው በእነዚሁ ኮሪደሮች ነው። ረጅም ኮሪደር መለያየትን አላገደም። ተማሪ ክፍሉን ራሱ እየመረጠ፣ ከጓደኛው ጋር እየተቀያየረ ሲሄድ ኮሪደሩም በሁለት ወር ውስጥ በቋንቋ ይደረደራል። ወሳኙ ድልድሉ ነው። ክላስተር የሚያደርገው የድልድሉን ውጤት ማጉላት ነው፤ 36 የተቀላቀሉ ልጆችን ያስተሳስራል፣ 36 የተመሳሰሉ ልጆችንም ያስተሳስራል። እዚህ ላይ የጸሐፊው ፍርሃት መሠረት አለው። ስለዚህ ድልድሉ በክፍል ደረጃ ብቻ ሳይሆን በክላስተር ደረጃ ተቀላቅሎ ይሠራ፤ የክፍል ልውውጥም በዚያው ክላስተር ውስጥ ብቻ ይፈቀድ። ይህን መወሰን የማይችል ተቋም ክላስተር ባይሠራ ይሻለዋል።

አሁን ወደ መግቢያው። «አንድ መግቢያ» ማለት ሌባ አንድ መግቢያ ብቻ አለው ማለት ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። እሳት ሲነሳ ግን ተማሪውም አንድ መውጫ ብቻ አለው ማለት ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አልለዩም፤ ጠቅላላ ስህተታቸው እዚህ ይመስለኛል።

በመጋቢት 1993 ዓ.ም. በኬንያ ማቻኮስ በሚገኘው ክያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወንዶች ማደሪያ ሌሊት ተቃጠለ። ማደሪያው ሁለት በር ነበረው፤ አንዱ ተቆልፏል። መስኮቶቹ ፍርግርግ ብረት ነበራቸው። 67 ልጆች ሞቱ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. በጉያና ማህዲያ በምትባል ከተማ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ሲቃጠል በሮቹ ተቆልፈው ነበር፤ መስኮቶቹም እንዲሁ ፍርግርግ ነበራቸው። በሩ የተቆለፈው ልጆቹ ሌሊት እንዳይወጡ ለመጠበቅ ነበር። 20 ልጆች ሞቱ። የማህዲያው በር ጸሐፊው ባሉት ምክንያት ነው የተዘጋው፤ ለደኅንነት።

እኛ ዘንድ የእሳቱ መነሻ ሩቅ አይደለም። በየክፍሉ የተደበቀ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከአንድ ሶኬት የሚጎተት ብዙ ገመድ፣ ከአልጋ አልጋ የተዘረጋ መጋረጃ ብርድ ልብስ፣ የስፖንጅ ፍራሽ። ስፖንጁ ሲቃጠል ጭሱ ከነበልባሉ ቀድሞ ይደርሳል። በ43 ሜትር ኮሪደር ጭሱ የሚያግደው በር ሳያገኝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል። በክላስተር ግን በደረጃው ማረፊያና በአዳራሹ መካከል ራሱ የሚዘጋ በር ስላለ ጭሱ ለጊዜው ከአንድ ክላስተር ውስጥ ይታገታል፤ ሌሎቹ 108 ተማሪዎች ለመውጣት ደቂቃዎች ያገኛሉ። ያ በር ግን በእንጨት ሽብልቅ ወይም በድንጋይ ተወጥሮ ከዋለ የለም ማለት ነው። መስታወቱም እሳት የሚችል መሆን አለበት፤ የሱቅ መስታወት በደቂቃዎች ውስጥ ይረግፋል።

መፍትሔው መግባትንና መውጣትን መለየት ነው። መግባት በአንድ በር ይሁን፤ መሬት ወለል ላይ፣ መሃል ላይ፣ ከፕሮክተሩ ጠረጴዛ ፊት። ሁለቱም ደረጃዎች ወደዚያች መግቢያ አዳራሽ ይውረዱ፤ መታወቂያ የሚታየውም ፍተሻ ካለ ፍተሻውም እዚያ ይሁን። ከዚያ ሌላ በእያንዳንዱ ደረጃ ግርጌ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት በር ይኑር። ከውጭ እጀታ የለውም፤ ከውስጥ አግድም ብረቱን በደረት የገፋው ሰው ሁሉ ያለ ቁልፍ ይወጣል። ሲከፈት የሚጮህ የባትሪ ደወል ይገጠምለት። ማታ ሾልኮ የሚወጣ ተማሪ ይኖራል? ይኖራል፤ ደወሉ ያጋልጠዋል። ለዚያ ተብሎ በጓጉንቸር መቆለፉ ግን አንድ ሾላኪ ለመያዝ 575ቱን ማሰር ነው።

የመስኮት ፍርግርጉም እንዲሁ። መሬት ወለል ላይ ብረት ያስፈልጋል፤ ላፕቶፕ በመስኮት ይወጣልና። ከየክፍሉ ፍርግርግ አንዱ ክንፍ ግን በማጠፊያ ተሠርቶ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት ይሁን፤ መወርወሪያው ከውጭ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይደረግ። ከላይ ባሉት ፎቆች በአንድ ወለል ያሉት ሁለት ደረጃዎች የሚገናኙበት በርም ከሁለቱም ወገን ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን፤ አንዱ ደረጃ በጭስ ቢሞላ የዚያኛው ወገን ተማሪ በሌላኛው እንዲወርድ።

የፕሮክተሩ ጠረጴዛም አቀማመጡ ይታሰብበት። በብዙ ብሎኮች ፕሮክተሩ ከበሩ ጎን ካለ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ የሚገባውን ሰው የሚያየው ካለፈ በኋላ ከጀርባው ነው። ጠረጴዛው ገቢው ፊቱን ሰጥቶ በሚመጣበት አቅጣጫ ይዙር፤ ሁለቱን ደረጃዎችና ከጎኑ ባለው መስኮት የልብስ ማጠቢያውን ይይ። የሴቶች ብሎክ ከሆነ በመግቢያው ውስጥ እንግዳ የሚቀመጥበት ትንሽ ቦታ ይኑር፤ ወንድም ወይም አባት ከሩቅ አገር ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ስም እየተጠራ አይጠብቅ፤ ወደ ላይም አይውጣ።

ይህን ሁሉ የሚጠራጠር አስተዳዳሪ ካለ ገንዘብ ሳያወጣ ሊሞክረው ይችላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ለፕሮክተሩ ብቻ ተነግሮ፣ የአንድ ብሎክ መብራት ይጥፋ፤ ደወል ይደወል። የመጨረሻው ተማሪ ሜዳው ላይ እስኪቆም ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይለካ። በሁለተኛው ደረጃ ለመውረድ የሞከሩት ስንቶቹ ተመልሰው እንደወጡ ይቆጠር፤ የዚያ በር ቁልፍ ያኔ በማን ኪስ እንደነበረና ያ ሰው የት እንደነበረም ይመዝገብ።